አበልጄ የሆነውን ባልደረባዬን የሥራ ስሕተቱን እንዴት ልንገረው?

ለኪው

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ቢሮ እሠራለሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ከሥዕሉ ላይ ልኬት እያወጣ የቴክኦፍ ቅጹን ይሞላል፤ እኔ ደግሞ ያንን ሰብስቤ በየወሩ ለአማካሪው መሐንዲስ የሚቀርበውን የክፍያ ጥያቄ አዘጋጃለሁ። ባልደረባ ብቻ ግን አይደለንም። የበኩር ልጁን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ዕቁባችንም አንድ ነው፤ ባለቤቶቻችን ደግሞ ከእኛ ይልቅ ይቀራረባሉ።

ከክረምቱ ወዲህ በሚያወጣቸው ልኬቶች ላይ የግድግዳና የልስን ስፋት ሲሰላ የበሩና የመስኮቱ ቦታ ሳይቀነስ ይቀራል፤ አልፎ አልፎም ቢምና ኮለን በሚገናኙበት ቦታ ያለው ኮንክሪት ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። እኔ የክፍያ ጥያቄውን ሳዘጋጅ እያየሁ ዝም ብዬ አስተካክለው ነበር። ባለፈው ወር ዕረፍት ላይ ሳለሁ ግን ቅጹ እንዳለ ወጣ፤ አማካሪው መለሰው፤ ክፍያው በመዘግየቱም የሳይቱ ሠራተኞች ደመወዝ ሳይቀር ተጓተተ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ «ይህን የለካው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ሁላችንም አቀርቅረን ወረቀት ማገላበጥ ጀመርን። አበልጄ እስከ ዛሬ የሚያምነው አማካሪው ሆን ብሎ እንዳስቸገረን ነው።

በቀልድ ሞክሬዋለሁ። «ዘንድሮ በርና መስኮት የሌለው ቤት ነው እንዴ የምንሠራው?» ብለው ሳቀና ቡና አዘዘልኝ። አሁን በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ምን ብዬ እንደምጀምር፣ የትና መቼ እንደምናገር አላውቅም። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ብትመክሩኝ።

የመርካቶ ልጅ

ወንድሜ፣ ነገሩን ራስህ አወሳሰብኸው እንጂ ቀላል ነው። በቀልድ የተነገረ ነገር በቀልድ ይመለሳል፤ ስለዚህ ቀልዱን ተውና ፊት ለፊት ተናገር። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው። እኔ የምመክርህ በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ብታነሣው ነው፤ ምክንያቱም ለብቻው ጠርተህ ከነገርኸው ነገ «ከኋላዬ ሲያጠና ኖሯል» ይልሃል። ሁሉም ባለበት ከተነገረ ግን ሐሜት አይሆንም፤ ሥራ አስኪያጁም አንተ እንዳልደበቅህ ያያል።

አስተዋይ

ሠራተኛ በማስተዳደርና በማሠልጠን ሥራ ላይ ረጅም ዓመት ቆይቻለሁ። ቀልዱ ይቅር በሚለው ከየመርካቶ ልጅ ጋር እስማማለሁ፤ በስብሰባው ላይ ግን ፈጽሞ አልስማማም። በመሥሪያ ቤት ያደግን ሰዎች ግምገማ፣ ሂስና ግለ ሂስ የሚባለውን እናስታውሳለን። በዚያ መድረክ ላይ ስሙ የተነሣ ሰው የሚሰማው ስለ ሥራው የተባለውን ሳይሆን ማን እንደ ተናገረ፣ ማን ዝም እንዳለና ማን አንገቱን እንደ ነቀነቀ ነው። ያንን ትዝታ ይዞ ለኖረ ሰው ስብሰባ ላይ የተነገረ እውነት ምንጊዜም ክስ ነው።

ጉዳዩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። ክሉገርና ዴኒሲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ግብረ መልስ የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ግብረ መልስ በአማካይ ሥራን ቢያሻሽልም ከሦስት አንድ በላይ በሚሆነው ጊዜ ግን ሥራውን እንዳባሰው አገኙ። ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ ለለኪው ጉዳይ በጣም ይጠቅማል። ሰውየው ሐሳቡን በሥራው ላይ ካደረገ ይታረማል፤ ሐሳቡ ከሥራው ተነሥቶ ወደ ራሱ፣ ወደ ክብሩና ወደ ስሙ ከሄደ ግን የሚሠራው ስሙን የመከላከል ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ እኔ የምልዎት ይህ ነው፤ ስለ አበልጅዎ አይናገሩ፤ ስለ አንድ ግድግዳ ይናገሩ። አማካሪው ከመለሰው ቅጽ ውስጥ አንዱን ክፍል ይምረጡና ሥዕሉን ከጎኑ ያስቀምጡ። ሌሎች ከወጡ በኋላ፣ ከፊት ለፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ተቀምጠው፣ «አበልጄ፣ አማካሪው የመለሰበትን ምክንያት ያገኘሁት ይመስለኛል፤ ይህን ግድግዳ አብረን እንየው» ይበሉት። ለምሳሌ ግድግዳው 6 ሜትር በ3 ሜትር ከሆነ 18 ካሬ ነው። በሩ 0.90 በ2.10 ሲሆን 1.89 ካሬ ይይዛል፤ መስኮቱ 1.50 በ1.20 ከሆነ 1.80 ካሬ ነው። ሁለቱ ሲቀነሱ 14.31 ይቀራል። ልስኑ በሁለቱም ገጽ ስለሆነ ቅጹ 36 ሲል እውነተኛው 28.62 ነው፤ በአንድ ግድግዳ ብቻ 7.38 ካሬ ትርፍ ተጠይቋል ማለት ነው። ይህን እርስዎ አያስሉለት። በሩን በጣትዎ አሳይተው «ይህ የት ላይ ተቀንሷል?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ ብዙዎቻችን በዚያች ቅጽበት «ምንም አይደለም፣ ትንሽ ነገር ነው» ብለን የከፈትነውን ራሳችን እንዘጋዋለን።

ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ይጠይቁት። ከክረምት በፊት በትክክል ይቀንስ ከነበረ አንድ የተለወጠ ነገር አለ። «ግዴለሽ ሆነሃል» ብለው ከጀመሩ ያንን የተለወጠ ነገር መቼም አያውቁትም።

መሐንዲስ ነኝ

ከመናገርዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ። በአንዳንድ የልኬት ደንቦች ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ክፍት ቦታ አይቀነስም፤ የሚቀነስበትና የማይቀነስበት ወሰን ደግሞ ከውል ውል ይለያያል። የእርስዎ ውል ዝርዝር መግለጫ ምን እንደሚል ሳያነቡ ወደ ጓደኛዎ ከሄዱና እሱ ገጹን ገልጦ ካሳየዎት፣ ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ስሕተት ቢነግሩትም አይሰማዎትም።

ለኪው

መልካም ማሳሰቢያ ነው፤ አሁን ገልጬ አነበብሁት። በእኛ ውል የማይቀነሰው ለቧንቧ ማለፊያና ለመሳሰለው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ በርና መስኮት ያለ ጥርጥር ይቀነሳል።

ጠርጣራው

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁላችሁም የማታዩት ነገር አለ። እያወቁ ያልተሠራ ልስን ማስከፈል በአገራችን ሕግ ማጭበርበር ነው። ሰውየው ለብዙ ወራት ያለማቋረጥ ወደ ላይ የሚሳሳት ከሆነ ስሕተት አይደለም። ጠያቂው ጓደኛውን ስለ ማስከፋት ከሚጨነቅ ይልቅ በጽሑፍ ለኃላፊው ማሳወቅ አለበት፤ አለዚያ ነገ ተባባሪ ይባላል።

ለኪው

ጥርጣሬዎን አልነቅፍም፤ እኔም መጀመሪያ ያሰብሁት ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ስሕተቱ ወደ ላይ ብቻ አይደለም። በሩንና መስኮቱን ሳይቀንስ በተወው በዚያው ቅጽ ላይ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ያለውን የጎን ልስን ሳይደምር ትቶታል፤ ያ ደግሞ ለእኛ ሊከፈል የሚገባ ገንዘብ ነው። ሊሰርቅ የፈለገ ሰው ይህን አይረሳም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ የምሠራውም በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ርእሱን ሳይ የራሴ ታሪክ ትዝ አለኝ። እዚህ አለቃችን በየጊዜው ጠርታ መልካሙን ነገር ትናገራለች፤ ከመካከል ጉድለቱን ታስገባለች፤ በመጨረሻም እንደገና አመስግና ትሸኛለች። እኔም ይህ ጥሩ ዘዴ መስሎኝ አብራኝ ለምትሠራው ያገሬ ልጅ፣ ተረኛ ሆና ስትገባ ሁልጊዜ ስለምታረፍድብኝ፣ በዚያው መንገድ ነገርኋት። «አንቺ በጣም ጎበዝ ነሽ፣ በሽተኞቹም ይወዱሻል» ብዬ ስጀምር ፊቷ ተለወጠ። «ምን ልትይኝ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ መደወሏን ትታለች። የእኔ ጥያቄ፣ ሰው ከተቀየመ በኋላ እንዴት ይመለሳል?

አስተዋይ

እኅቴ፣ ጓደኛሽ የተቀየመችው በማርፈዷ ስለ ተነገራት አይመስለኝም። በእኛ መካከል ያልተለመደ ምስጋና ያለ ቦታው ሲመጣ፣ ሰሚው የሚከተለውን ነገር ይጠብቃል፤ ምስጋናውንም እንደ ማባበያ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሁለቱም ይበላሻሉ። እውነተኛ ምስጋና ካለሽ በሌላ ቀን፣ ምንም ሳታስከትይ ስጪው። ለማርፈዷ ደግሞ «ማክሰኞ ሃያ ደቂቃ ስትዘገዪ አውቶቡሱ አመለጠኝና ልጄን ከትምህርት ቤት የማመጣበት ሰዓት አለፈ» ማለት ይበቃል፤ ቀኑ፣ የሆነው ነገርና በአንቺ ላይ ያስከተለው። «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ከአፍሽ ከወጣ፣ በሰዓቱ የመጣችባቸውን ቀኖች መቁጠር ትጀምራለች።

ስለ መመለሱ ደግሞ ራስሽ ደውይላት። ስለ ማርፈዱ ሳይሆን ስለ አነጋገሩ፣ «የነገርሁሽ መንገድ ከአንቺና ከእኔ ቅርበት ጋር የማይሄድ ነበር» ብትያት እውነት ነው፤ የተናገርሽውንም መሻር አይሆንብሽም። ከዚህ በላይ እኔም አላውቅላትም።

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ እስካሁን የተባለውን ሁሉ በጥሞና አነበብሁ። እኔ ግን የምትዘሉት አንድ ነገር ያለ ይመስለኛል። አበልጅነት ዝምድና ነው፤ ለዝምድና የሚናገር ሦስተኛ ሰው ይፈለጋል። አባቶቻችን ሰውን በቀጥታ «አጠፋህ» አይሉትም ነበር፤ በሰምና ወርቅ፣ በተረት፣ ወይም በሚያከብረው ሰው አፍ ይደርሰው ነበር። እኔ ብሆን ለክርስትና ልጁ እናት በእርጋታ አጫውቼ በእሷ በኩል አስነግር ነበር። ሚስቱ ብትነግረው አይቀየምም።

አስተዋይ

የኔታ፣ በቤተሰብ ጠብ የሚሉት ትክክል ነው። ይህ ግን የሥራ ጉዳይ ነው። ሚስቱ ስለ ልስን ልኬት ስትነግረው መጀመሪያ የሚሰማው ባልደረባው ጉድለቱን ወደ ቤቱ እንዳስገባበት ነው። ሰምና ወርቁም የሚሠራው ሰሚው ወርቁን ለመፈለግ ሲዘጋጅ ነው፤ ለኪው በቀልድ ሞክሮ የሆነውን አይተናል። ሰሙን ሰምቶ፣ ስቆ፣ ቡና አዘዘ። በዘወርዋራ የተነገረ ነገር ለሰሚው ያለመስማት ምርጫ ይሰጠዋል፤ የከበደው ሰው ያንን ምርጫ ይወስዳል።

ተማሪዋ

ሥነ ልቦና እማራለሁ፤ አንድ ነገር ልጨምር። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት አለ። ፊቷ ላይ በግልጽ የሚታይ እድፍ ያለባት መጠይቅ ሰብሳቢ ሰዎችን ስታነጋግር፣ ስለ እድፉ የነገሯት ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞሉም። ሌሎቹ የጥናቱ ክፍሎች ያሳዩት ደግሞ ተናጋሪው ሰሚው ምን ያህል መስማት እንደሚፈልግ አሳንሶ እንደሚገምት ነው። ለኪው ይህን ያህል ወር ዝም ያሉት አበልጅዎ መስማት ስለማይፈልግ ሳይሆን እርስዎ እንደዚያ ስለ ገመቱ ይሆናል። በእሱ ቦታ ቢሆኑ መቼ እንዲነገርዎት ይፈልጉ እንደ ነበር ቢያስቡ ግምቱ ይቀየራል።

የመርካቶ ልጅ

በስብሰባው ነገር ተረትቻለሁ፤ አስተዋይ እንዳሉት ለብቻው ይሁን። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። አበልጁ «ይህን ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» ቢለው ምን ይመልሳል? እኔ ብሆን አሁን እንዳየሁት አድርጌ እነግረው ነበር። ለወራት ስታርምለት እንደ ኖርህ ካወቀ፣ ከስሕተቱ ይልቅ የሚያመው ያ ነው።

አስተዋይ

ከጉዳዩ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። የሚያመው ያ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይደርስበታል። የታረሙት ቅጾች በኮምፒዩተሩ ውስጥ አሉ፤ ያስገባውን ልኬት ለአማካሪው ከሄደው ጋር ያስተያየ ቀን ከሁሉም ወር ልዩነቱን ያገኛል። ያን ጊዜ ዝምታው ብቻ ሳይሆን ውሸቱም ይጨመራል። ስለዚህ ጥያቄውን ሳይጠብቁ፣ እዚያው እንደ ተቀመጡ፣ ግድግዳው ከታየ በኋላ ለኪው ራሳቸው ቢናገሩት ይሻላል፤ «ከዚህ በፊትም አግኝቼ ሳልነግርህ አስተካክያለሁ፤ ቅር እንዳይልህ ብዬ ነበር፤ ለአንተ ግን አልጠቀመህም» ቢሉ ይበቃል። ማብራሪያው ከረዘመ ይቅርታው የሚጠየቀው ሰው አጽናኝ ይሆናል፤ ያም አግባብ አይደለም።

ንግግሩ እየተበላሸ መሆኑን የሚያውቁበት ምልክትም አለ። ስለ ሥራ ልምዱ ዓመታት መናገር ከጀመረ፣ የእርስዎን የቆየ ጉድለት ካነሣ፣ ወይም «ሌላ ማን ያውቃል?» ካለ፣ ነገሩ ከግድግዳው ወደ እሱ ተሻግሯል። ለመጨረሻው ጥያቄ እውነቱን ይመልሱለት፤ ለሌሎቹ አይከራከሩ። ወደ ሥዕሉ መመለስ ካልቻላችሁ «ነገ እንቀጥል» ብሎ መነሣት ሽንፈት አይደለም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ትናንት ደወልሁላት፤ አላነሣችም፤ በኋላ ግን «ሥራ ላይ ነኝ» ብላ መልእክት ላከች። ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ለኪው

ተነጋገርን፤ የሆነውን ላካፍላችሁ። ሁሉም ከወጡ በኋላ አማካሪው የመለሰውን ቅጽና ሥዕሉን ይዤ ከጎኑ ተቀመጥሁ። አስተዋይ እንዳሉት አንድ ግድግዳ ብቻ መረጥሁ። «በሩ የት ላይ ተቀንሷል?» ስለው መጀመሪያ «አለ እኮ» አለኝ። ፈለገ፤ አጣ። ከዚያ ሌላውን ክፍል እኔ ሳልነግረው ራሱ ገለጠ፤ ቀጥሎም ሌላውን። ዝም ብዬ መቀመጡ ካሰብሁት በላይ ከበደኝ።

ምክንያቱን ስጠይቀው የነገረኝ ያላሰብሁትን ነው። በክረምት ከሌላ ፕሮጀክት የመጣ አዲስ የኤክሴል ቅጽ እንድንጠቀም ታዝዘን ነበር፤ እኔ የምሠራበት ክፍል ስላልተነካ አላስተዋልሁትም። በዚያ ቅጽ ላይ የሚቀነሰው ልኬት የሚገባባቸው መስመሮች ተደብቀዋል፤ የመስኮቱ ጎን ልስንም የሚገባው እዚያው ስለሆነ አብሮ ቀርቷል። እሱም ቀመሩ በራሱ የሚቀንስ መስሎት ነበር። በዚህ በኩል ግዴለሽነት አልነበረም። የቢምና የኮለኑ መደራረብ ግን ከቅጹ ጋር አይገናኝም፤ የኮለኑን ቁመት እስከ ሶሌታው ጫፍ ለክቶ ቢሙን ደግሞ ከመሐል እስከ መሐል ስለሚወስድ ነው። ያንንም አሳየሁት፤ ብዙም አልወደደውም፤ «እንዲህ ነው የተማርነው» አለኝና ክርክሩ ለሌላ ቀን ቀረ።

በመጨረሻ ከዚህ በፊትም አርሜ እንደ ነበር ነገርሁት። የመርካቶ ልጅ እንዳለው የሚያመው ይህ ነበር። «ስለዚህ አማካሪውን ስሳደብ አንተ እያወቅህ ትሰማኝ ነበር» አለኝ። አዎ አልሁት። ቦርሳውን አንሥቶ ሄደ። ለጥቂት ቀናት ምሳ ከሌሎች ጋር ይበላ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት የአዲሱን ፎቅ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «ከመውጣቱ በፊት እየው፤ ያገኘኸውን ግን እኔ ነኝ የማስተካክለው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያው መንገድ እየሠራን ነው።

ጠርጣራው

ስርቆት አለመሆኑን ተቀብያለሁ። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ለጠየቀው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። የቅጹ ብልሽት የሌሎችንም ፕሮጀክቶች ልኬት ነክቶ ሊሆን ይችላል። ማን ይንገረው?

ለኪው

እኔም ለእሱ ያነሣሁለት ጉዳይ ይህ ነው። እኔ ሁለታችን አብረን ገብተን ስለ ቅጹ እንድንናገር እፈልጋለሁ፤ እሱ ደግሞ ስለ ቅጹ ብቻ በጽሑፍ እናሳውቅ፤ ስለ ተመለሰው ክፍያ ካልተጠየቅን አናንሣ ይላል። እስካሁን አልተስማማንም።

የመርካቶ ልጅ

እዚህ ላይ እኔ ከአበልጅህ ጋር ነኝ። ቅጹ ይነገር፤ ስም አይነሣ።

መሐንዲስ ነኝ

እኔ ግን አልስማማም። የቅጹ ብልሽት ሲጻፍ በየትኛው የክፍያ ጥያቄ ላይ እንደ ታየ መጠቀስ አለበት፤ አለዚያ ሌሎቹ ፕሮጀክቶች የት መፈለግ እንዳለባቸው አያውቁም። የክፍያ ጥያቄው ቁጥር ከተጻፈ ደግሞ ማን እንደ ለካው ከፊርማው ይታያል። ስለዚህ አበልጅዎ ራሱ ቢፈርምበትና ደብዳቤውን ያቀረበው እሱ ቢሆን ይሻላል እላለሁ፤ የሚወስነው ግን እሱ ነው።